የጋሼ አደራ ፎልደር

እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ስትናደጂ መጀመሪያ የሚደፈነው ጆሮሽ ነው» ትለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ስድብ ይመስለኝ ነበር። አሁን አርባ ልደፍን ትንሽ ሲቀረኝ፣ ስለ ራሴ ከተነገረኝ ሁሉ እውነተኛው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ያወቅሁትም በአንድ ቀን ነው፤ የተማሪዎች ምዝገባ በተከፈተበት ቀን።

የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ማዕከል ነው። ምዝገባው፣ ውጤቱ፣ የዶርም ድልድሉ፣ ሁሉም በእኛ ማሽኖች ላይ ነው የሚያልፈው። ሲሠራ ማንም አያስታውሰንም። ሲቆም ግን ስልካችንን የማያውቅ ሰው በግቢው አይገኝም። ክፍላችን ውስጥ አምስት ነን። በዕድሜ ትልቁ ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ የምንላቸው ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። በግቢው ውስጥ ኮምፒውተር በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ከሕንፃ ሕንፃ እየዞሩ ኬብል የዘረጉ እሳቸው ናቸው። እኔ ተመርቄ ስቀጠር እጄን ይዘው ያሠሩኝም እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። በጣም ቀስ ብለው። አንድ ትእዛዝ ከመጻፋቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። ከጻፉ በኋላ ደግሞ ሰማያዊ ልባስ ያለውን ደብተራቸውን ይከፍቱና ቀኑን፣ የጻፉትን መስመር፣ ለምን እንደጻፉት ያሰፍራሉ። ሌላ ሰው ማሽናቸው ላይ አንድ ነገር ከነካም እሱኑ ይመዘግባሉ። እኔ ይህን ደብተር ሳይ ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስታውሰዋል እኮ» ስላቸው «እኔም ላስታውሰው ብዬ ነው» ይሉኛል። በአማርኛቸው ውስጥ የሲዳምኛው ለስላሳ ዜማ አለ፤ ሰው ሲቆጣቸው ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። ያ ደግሞ እኔን የባሰ ያናድደኛል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ማሽኖቹ ትንሽ ልበል። የምዝገባው ሥርዓት የሚኖረው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እንደ አንድ ሆነው በሚሠሩ በርካታ ሰርቨሮች ላይ ነው፤ ክላስተር እንለዋለን። ክላስተሩን የምናዘው ኩብሲቲኤል በምትባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኩብሲቲኤል ደግሞ በራሷ ምንም አታውቅም። ኩብኮንፊግ የሚባል አንድ ፋይል ታነባለች። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ክላስተሩ የሚገኝበት አድራሻ፣ የክላስተሩ ማኅተም ትክክለኛ መሆኑ የሚታወቅበት ምስክር፣ እና የአንተ የራስህ መታወቂያ። ከሦስቱ አንዱ ካረጀ በር ላይ ትቀራለህ። እኛ ክፍል ውስጥ ይህ ፋይል አንድ ነበር። በፍላሽ እየቀዳሁ ለአምስታችንም የማድለው እኔ ብቻ ነኝ። ጥሩ አሠራር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የማውቀውን ሁሉ ግን አልሠራም።

በዚያ ክረምት ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው እንደሄዱ ክላስተሩን አፍርሰን በአዳዲስ ማሽኖች ላይ እንደገና ሠራነው። ሌሎቹ ሥርዓቶች እንዳይረበሹ ብዬ አድራሻውን የድሮውን አደረግሁት። ስሙንም አልለወጥኩም፤ ማሽኑ በራሱ የሚሰጠውን ያንኑ ስም ተውኩት። አዲስ የሆነው ማኅተሙ ነው። ስለዚህ አዲስ ኩብኮንፊግ አወጣሁና በፍላሽ ለሁሉም አደልኩ። ለጋሼም ራሴ ማሽናቸው ላይ ቀዳሁላቸው። አልሞከርኩትም። ጊዜ አልነበረኝም፤ ወይም እንዳልነበረኝ መሰለኝ።

ምዝገባ ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ዳይሬክተራችን ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ እኔ ችኩል ነው። «የንብረት ክፍል አንድ ሰው ጠይቆናል» አለኝ። «ጋሼን ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ይህ አዲሱ ነገር ይከብዳቸዋል፤ እዚያ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ቁጥር እየለጠፉ ሦስት ዓመታቸውን በሰላም ይጨርሳሉ።»

ደሜ ፈላ። «ይችላሉ» አልኩት። «እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«እንዲያ ከሆነ የምዝገባውን ዕለት ከራሳቸው ማሽን እሳቸው ይክፈቱት። ከቻሉ የንብረት ክፍሉን ነገር እተወዋለሁ» አለ። እኔም ለጋሼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንበር ቆጥሬ ጡረታ መውጣት አልፈልግም፣ ልጄ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

የምዝገባው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሆን ቢሮ ነበርን። በመስኮት ሲታይ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ሰልፉ ተጠምዝዟል፤ ከጅማ የመጣ፣ ከደሴ የመጣ፣ ከዲላ የመጣ፣ ሻንጣው ላይ የተቀመጠ፣ ስልኩን የሚነካካ። ሥራው ቀላል ነው። እንቅልፍ ላይ ያለውን የምዝገባ አገልግሎት ቀስቅሶ ስድስት ቦታ ላይ እንዲሠራ ማዘዝ ነው፤ አንድ መስመር። ጋሼ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ለቤተ ክርስቲያን ይመስል ኮቱን ደርበው መጥተዋል። ዳይሬክተሩ እጁን አጣምሮ ከኋላቸው ቆመ። እኔ በጎን።

ጋሼ በመጀመሪያ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ ክላስተሩ ውስጥ ያሉትን ማሽኖች እንድታሳይ ጠየቋት። ኩብሲቲኤል እምቢ አለች። የመለሰችው ባጭሩ ሲተረጎም «በማላውቀው አካል የተፈረመ የምስክር ወረቀት ነው፤ አልገናኝም» የሚል ነው።

«ኔትወርክ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

ኔትወርክ አልነበረም። የኔ ላፕቶፕ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለምንም ችግር ይገናኛል። እኔ ወዲያው ያሰብኩት ፋይሉ አሮጌ ነው ብዬ ነው፤ ትክክልም ነበርኩ። ከኪሴ ፍላሹን አውጥቼ ጋሼን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ቁልፍ ሰሌዳውን ያዝኩ። ፋይሉ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አዲሱን ቀዳሁ። እንደገና ሞከርኩ። ያው መልስ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት፤ አዲሱ ነው። ኩብሲቲኤልን «የትኛውን ኮንቴክስት ነው የያዝሽው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ማለትም በየትኛው ክላስተር፣ በማን ስም እየሠራሽ ነው ማለቴ ነው። ስሙን ነገረችኝ፤ ትክክል። አድራሻውን አሳየችኝ፤ ትክክል። ማኅተሙን ግን ለደኅንነት ብላ ሸፍና ነው የምታሳየው። እንግዲህ ስሙም አንድ፣ አድራሻውም አንድ፣ የሚለያየው ደግሞ የማይታየው ነገር ሆነ። ሦስተኛ ቀዳሁ። አራተኛ።

ያኔ ጋሼ ለስለስ ባለው ድምፃቸው «ልጄ፣ ያ መጀመሪያ ቀን የጻፍሽልኝ መስመር...» ብለው ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አሁን የድሮ ታሪክ የምናወራበት ሰዓት አይደለም!» አልኳቸው። ጮኼ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና አለ። «ምን ነክተው ነው ያበላሹት? አንድ ነገር ነክተዋል!»

ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው ነበር። ጣታቸው አንድ ገጽ መካከል ገብቶ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ዳይሬክተሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ደብተሩን ዘጉትና «ይቅርታ» አሉ። እኔ ደግሞ ይቅርታውን ተቀበልኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሰልፉ ሲንጫጫ ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። «በቃ፣ አንቺ ክፈቺው» አለኝ። ከራሴ ላፕቶፕ አንዷን መስመር ጻፍኩ፤ ምዝገባው በሰዓቱ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ምንም አላወቁም። ዳይሬክተሩ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ጋሼ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ «የዝውውር ደብዳቤውን ከሰዓት አስጽፈዋለሁ» አለኝ። ጋሼ ግን ሰምተዋል። ኮታቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ሰቀሉት።

ምሳ ሰዓት ላይ እኔና ጋሼ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። ሐሙስ ሐሙስ ዓሣ የመብላት ልማድ አለን፤ ያን ዕለት ጋሼ ይቀራሉ ብዬ ነበር፣ አልቀሩም። ጀልባዎቹ ገብተው ሴቶቹ ዓሣ እየላጡ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች የሚወረወርላቸውን አንጀት እየጠበቁ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድረው ቆመዋል። ጥብስ አዘዝን። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው፣ አጭር ጸሎት አድርሰው መብላት ጀመሩ። እኔ አንድ ጉርሻ ቀምሼ ተውኩት። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን መለየት አቅቶኛል።

«ጋሼ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ጠዋት ምን ሊሉኝ ነበር?»

ጣታቸውን በደንብ ጠረጉ። ደብተሩን ከጎናቸው አነሱና ገልብጠው ፊቴ አስቀመጡት። የዛሬ ሁለት ዓመት የተጻፈ ገጽ ነው። ቀኑ አለ። ከሥሩ አንድ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጥቡ ሳይጎድል ተገልብጧል። ከሱ ሥር ደግሞ በአማርኛ፦ «ልጄ ማሽኔ ላይ ጻፈችው። የልምምዱ ክላስተር ፋይል ከዋናው ጋር እንዳይቀላቀልብኝ ብላ ዋናውን ‹አደራ› በሚል ፎልደር አስቀመጠችልኝ። ከእንግዲህ ማሽኑ የሚያነበው ከአደራ ፎልደር ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ያለውን አያይም።»

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ተመለሰልኝ። በዚያን ጊዜ ጋሼ ገና እየተለማመዱ ነበር። ሁለቱ ክላስተር ተምታቶባቸው ዋናው ላይ አንድ ነገር እንዳያጠፉ ፈራሁና፣ ማሽኑ ሲነሳ ሁሉ ኩብሲቲኤልን ወደዚያ ፎልደር የሚመራ አንዲት መስመር ጻፍኩ። ለፎልደሩም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ «አደራ፣ ጋሼ፣ ይቺን ፋይል» ብዬ ስቄ። ከዚያ ረሳሁት። ዛሬ ጠዋት አራት ጊዜ የቀዳሁት አዲስ ፋይል ማንም በማያየው ቦታ ተቀምጧል፤ ኩብሲቲኤል ግን እኔው ባዘዝኳት መሠረት ከክረምቱ በፊት የነበረውን አሮጌ ፋይል በታማኝነት ስታነብ አርፍዳለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ ያስለቀምኩት ሽማግሌ ነው።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ርግጠኛ አልነበርኩም። ግን መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ደብዳቤ ሊጻፍብዎት ነው እኮ! ገጹን ከፍተው ቢያሳዩኝ በደቂቃ ያልቅ ነበር።»

ጋሼ በጣም ተገረሙ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ ነው የገረማቸው። «በአለቃሽ ፊት?» አሉኝ። «‹የጻፈችው እሷ ናት› ብዬ?»

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ሥራ ይበድላል ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬም ይበድላል እላለሁ። ጋሼ በዚያ ጠዋት ቢናገሩ ይሻል ነበር። ግን እዚያ ወንበር ላይ፣ ዓሣው እየቀዘቀዘ፣ ይህ ሰው በአደባባይ የጮኸችበትን ልጅ ላለማሳፈር የሦስት ዓመት ሥራውን ሊሰጥ እንደነበር ሲገባኝ እንባዬ መጣ። አለቀስኩም። አስተናጋጇ በርበሬው የበዛብኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

«ብዪ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል» አሉኝ ጋሼ። «እንባ ፋይል አይቀይርም።»

ቢሮ ስንመለስ ሰባት ተኩል ነበር። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ሰሌዳውን አልነካሁም። ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩና እጄን ጭኔ ሥር አደረግሁ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ። ኩብሲቲኤል የምታነበውን ፋይል ስም ጭምር እንድትናገር አድርገው አዘዟት። ተናገረች፤ አደራ ፎልደር። ተያየን።

«መስመሩን እናጥፋው ወይስ አዲሱን ፋይል አደራ ውስጥ እናስገባው?» አሉኝ። ሁለቱም ይሠራል። ይህን መጠየቃቸው ራሱ ነገሩ ከኔ በተሻለ እንደገባቸው ያሳያል።

«እናጥፋው፣ ጋሼ። ከሁላችን ማሽን ጋር አንድ ይሁን።»

አጠፉት። አዲስ መስኮት ከፈቱ። ማሽኖቹን ጠየቁ። ለአንድ አፍታ ምንም አልመጣም፤ ከዚያ የሰርቨሮቹ ስም አንድ በአንድ ተዘረዘረ፤ ሁሉም ዝግጁ ናቸው። ጋሼ «ጌታ ይመስገን» አሉ፤ ደብተሩን ከፍተውም የዛሬ ሁለት ዓመቱን መስመር በማስመሪያ ሰረዙት።

የቀረው የኔ ነበር። እውነቱን ልናገር፦ ከክፍላችን እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ባለው ኮሪደር ላይ ሌላ መንገድ ሳስብ ነበር። «ኔትወርኩ ተስተካከለ» ብል ማንም አይጠይቀኝም። እኛ አገር ያልፈረደበት ኔትወርክ ስንቱን ጥፋት ተሸክሟል! ጋሼም አያጋልጡኝም። አለማጋለጣቸውን ማወቄ ነው መሰለኝ ከዚያ መንገድ የመለሰኝ።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ይጠብቃል። ሳልቀመጥ ነገርኩት። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አዲሱን ፋይል ያልሞከርኩት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ጠዋት ሊነግሩኝ ሲሞክሩ የጮኽኩባቸው እኔ ነኝ፤ መፍትሔው የተገኘው በሳቸው ደብተር ነው። በአንድ ትንፋሽ።

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍሽውን ረስተሻል፤ እሳቸው ግን መዝግበውታል» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ ወደ ንብረት ክፍል መሄድ ያለበት ማነው?»

መቀለዱ ይሁን ምሩን ይሁን አሁንም አላውቅም። ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ተከትሎኝ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የከሰዓቱ ተማሪ ስለበዛ ሥርዓቱ መንፏቀቅ ጀምሮ ነበር። ዳይሬክተሩ ጠዋት የቆመበት ቦታ ቆመና «ጋሼ፣ ከስድስት ወደ አሥር ያሳድጉልኝ» አላቸው። ጋሼ ኮታቸውን ለበሱ። በእውነት፣ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱና ተቀመጡ። አንዷን መስመር ጻፉ፤ በጣታቸው እየተከተሉ አንዴ አነበቧት፤ ተጫኑ። አሥሩም ተነሱ። በመስኮቱ ሰልፉ መራመድ ሲጀምር ታየን።

እኔም ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ «ጋሼ፣ ጠዋት የጮኽኩት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታም የምጠይቅዎት በሰው ፊት ነው» አልኳቸው። አፈሩ። «ተይ እንጂ፣ ሥራ ላይ ነን» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አልፏል። የክላስተሩ የምስክር ወረቀቶች ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ነው፤ በጊዜው ካልታደሱ ሁላችንም ባንድ ቀን በር ላይ እንቀራለን፤ ከታደሱም በኋላ በየማሽናችን ያለው ፋይል መለወጥ አለበት። ዘንድሮ ቀኑን ያስታወሰን ኮምፒውተር አልነበረም። ጋሼ ነበሩ፤ ሁለት ሳምንት አስቀድመው። ፍላሹም አሁን በሳቸው እጅ ነው። ከማሽን ማሽን እየዞሩ ፋይሉን ቀየሩልን፤ እያንዳንዳችንን «ሞክረው፣ እኔ ፊት ሞክረው» እያሉ። እኔም ሞከርኩ፤ እሳቸው ፊት።

ሲጨርሱ «ዓይኔ ደክሞኛል፤ ያለፈው ዓመት የመጨረሻውን ትእዛዝ ከደብተሩ ላይ አንብቢልኝ» ብለው ሰማያዊውን ደብተር ሰጡኝ። ገጹን ስፈልግ የምዝገባው ዕለት ላይ አረፍኩ። ያን ቀን ምን እንደጻፉ ዓመቱን ሙሉ ስፈራው ነበር፤ ጩኸቴ፣ ስሜ፣ የጻፍኩት መስመር፣ ሁሉም በቀን በቀኑ ተመዝግቦ እንደሚቀመጥ አውቃለሁና። እንዲህ ይላል፦

«ምዝገባ ተከፈተ። ጠዋት ማሽኔ አሮጌ ፋይል እያነበበ እምቢ አለ። ከሰዓት ተስተካከለ። ያስተካከለችው ልጄ ናት።»

«አገኘሽው?» አሉኝ ጋሼ።

«አገኘሁት» አልኩ። ገጹን ገለጥኩና የፈለጉትን ትእዛዝ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው።